ሦስተኛው አጀንዳ

ቦኬ ውስጥ በአንድ የቡና ገበሬዎች ህብረት ሥራ ማህበር ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሁለት መዝገቦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ወፍራም ነው፤ ጠርዙ በብዙ እጅ ተነካክቶ ጠቁሯል። ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ ማዕዘኑ እንኳን አልታጠፈም። ሁለቱም ላይ አንድ ቃል ሳይጻፍ በፊት የገጽ ቁጥር በእጅ ተሞልቷል። ወፍራሙ የማህበሩ የሥራ አመራር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ነው፤ ማንኛውም አባል «አሳዩኝ» ብሎ ማየት ይችላል። ቀጭኑ የዝግ ስብሰባ መዝገብ ነው። ሁለቱም የሚጻፉት በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ጸሐፊው «ቃቦ ያኢ» ይሏቸዋል፤ እዚህ የምጠቅሰውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ጸሐፊው ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ቀጭኑን መዝገብ ለማየት ስጠይቃቸው ሳቁ። ከዚያ ግን በአግራፍ የተያዙትን ቅጠሎች እንደተያዙ ትተው አንድ ገጽ ብቻ ከፈቱልኝ፦ ቁጥር 7። ይህ ጉዳይ አልቆ ለአባላት ክፍት እንዲሆን ኮሚቴው ወስኗል፤ የውሳኔው ቀንና ፊርማ ከገጹ ግርጌ አለ። «ሌላውን ግን ልጄም ቢጠይቀኝ አላሳይም» አሉኝ።

የጉዳዩ መነሻ ይህ ነው። መጋዘን ውስጥ 160 ኩንታል ጀንፈል ገብቶ፣ በኋላ ሲመዘን 156 ሆኖ ተገኘ። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ነው። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ ደግሞ የዚያ ሰው አማች ናቸው። ቦኬን በምታህል ከተማ ይህ ወሬ ከቢሮ ከወጣ ገበያ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ሰውየው ደግሞ ገና አልተጠየቀም።

አሁን ወፍራሙን መዝገብ እንይ። ሦስተኛው አጀንዳ እንዲህ ይላል፦ «የሠራተኛ ጉዳይ። ከረፋዱ 5፡10 ላይ በሰብሳቢው አሳሳቢነት ስብሰባው ዝግ እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በዝግ ስብሰባው 6 አባላት ተገኝተዋል፤ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። ዝርዝሩ በዝግ መዝገብ ቁጥር 7 ሰፍሯል። 5፡50 ላይ ስብሰባው ተከፍቶ ወደ አጀንዳ 4 ታለፈ።»

ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ደጋግሜ አነበብኩት። አጀንዳው ቁጥሩን ይዞ ቆሟል፤ ከ2 ወደ 4 የሚዘል ቃለ ጉባኤ «እዚህ አንድ ነገር ደብቀናል» ብሎ ይጮሃል። ርዕሱ «የመጋዘን ጉድለት» ቢባል ኖሮ ቀሪውን መደበቅ ትርጉም አልነበረውም፤ በመጋዘን የሚሠራው አንድ ሰው ነውና። በሩ የተዘጋበትና የተከፈተበት ሰዓት፣ የወሰነው አካል፣ የቀሩት ሰዎች ቁጥር፣ ቀሪው የሚገኝበት ቦታ ሁሉም አለ። የጎደለው ይዘቱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኝ ነበር። የወጣው አባል ስም ለምን የለም? የጥቅም ግጭት ያለበት ሰው ሲወጣ ስሙ መመዝገብ የለበትም? ጸሐፊው በጣታቸው ቀጭኑን መዝገብ ነኩ። ስማቸውና የወጡበት ምክንያት ሙሉው እዚያ አለ። እዚህ «እገሌ ወጡ» ቢባል የመጋዘን ሠራተኛው ማንነት ይታወቃል። አንባቢው የሚያስፈልገው ውሳኔው በበቂ ሰው መወሰኑን ማወቅ ነው፤ ለዚያ 6 የሚለው ቁጥር ይበቃል። መልሱ አሳመነኝ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም፤ ፊርማ ቆጥሮ የሚደርስበት አይጠፋም።

ይህን ሥራ የማደንቀው እኔ ራሴ ስላበላሸሁት ነው። ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ የአንድ ማህበር ጸሐፊ ነበርኩ። የዝጉን ውይይት በዚያው ደብተር ጻፍኩና ቅጠሉን ቀድጄ በፖስታ አሸግኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። በእስክሪብቶ ጠንክሬ የጻፍኩት ቀጣዩ ገጽ ላይ ሰርጉዶ ቀርቶ ኖሮ አንድ አባል በእርሳስ አለስልሶ ሲያጠቁረው ፊደሉ ነጭ ሆኖ ወጣ። የሰው ስምና የብር መጠን። በዚያ ላይ ኦዲተሩ የተቀደደው ገጽ የት እንደሄደ ጠየቀኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሙሉውን ጽፌ ለስርጭት በጥቁር ማርከር አጠፋሁበት፤ ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፎ ላየው ሰው ሁሉም ይነበብ ነበር።

የቦኬው ጸሐፊ ከቀጭኑ መዝገብ ገጽ በታች አሮጌ የራጅ ፊልም ያስገባሉ። ከዚያ የሚበልጠው ግን አሠራራቸው ነው። አንድ ጽሑፍ ጽፈው ከላዩ አይቆርጡም። ስብሰባው ላይ ሆነው ሁለቱን ለየብቻ፣ እያንዳንዱን ሙሉ አድርገው ይጽፋሉ። ስለዚህ ወፍራሙ ላይ የሚጠፋ መስመር የለም፤ መጀመሪያውኑ አልተጻፈምና።

ማጽደቁም የራሱ ብልሃት አለው። በሚቀጥለው ስብሰባ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ጮክ ብሎ ሲነበብ ቁጥር 7 አይነበብም። በሩ እንደገና ተዘግቶ፣ አማቹ እንደገና ወጥተው፣ ለስድስቱ ብቻ ተነቦ ይፈረማል። በአሜሪካ ብዙ ማህበራት የሚመሩበት የሮበርት የስብሰባ ደንብም የዝግ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚጸድቀው በዝግ ስብሰባ ብቻ ነው ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ደግሞ የዝግ ስብሰባው መዝገብ በአንድ ቅጂ ብቻ ተዘጋጅቶ በዋና ጸሐፊው እጅ እንዲቀመጥ ሊወስን ይችላል፤ ከስብሰባው በኋላ ግን መግለጫ ማውጣት አለበት። አንድ ቅጂና አጭር መግለጫ፤ ቀጭንና ወፍራም መዝገብ መሆኑ ነው።

ምስጢር በብዛት የሚያመልጠው ግን ከመዝገቡ አይደለም፤ ከደብዳቤው ነው። ኮሚቴው ቆጠራ እንዲደረግ ለቁጥጥር ኮሚቴ ሲጽፍ፣ ወጪ ደብዳቤ መዝገብ ላይ «ጉዳዩ» የሚል ዓምድ አለ፤ ደብዳቤው ግርጌ ላይ ደግሞ የግልባጭ ዝርዝር አለ። ጸሐፊው ዓምዱ ላይ «በዝግ መዝገብ ቁ. 7 መሠረት» ብቻ ጻፉ፤ ግልባጭ አልሰጡም፤ ደብዳቤውን በፖስታ አሽገው ክዳኑ ላይ ፈርመው ራሳቸው አደረሱ። ፎቶ ኮፒ ቤት አልሄደም።

ገደቡንም ያውቁታል። የጎደለው የአባላት ሀብት ነው፤ እስከ መጨረሻው በቀጭኑ መዝገብ ሊቀመጥ አይችልም። የህብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ኮሚቴውን ለጠቅላላ ጉባኤ ተጠሪ አድርጎታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 58 የተወካዮች ምክር ቤት በዝግ መሰብሰብ የሚችለው ከግማሽ በላይ አባላቱ ሲደግፉት ነው ይላል፤ መነሻው ክፍት ስብሰባ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው እያንዳንዱን ዝግ ጉዳይ ሲጽፉ መጨረሻ ላይ መቼና በምን ሁኔታ እንደሚከፈት ያስቀምጣሉ። ቁጥር 7 ላይ፦ «የቆጠራው ውጤት ሲቀርብ» ይላል።

ውጤቱ ቀረበ። ጀንፈሉ ሲገባ በደንብ አልደረቀም ነበር። እርጥበቱ ከ14 በመቶ ወደ 12 ገደማ ሲወርድ ከ160 ኩንታል ላይ ከሦስት ተኩል በላይ ይቀንሳል፤ ቀሪውን ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ልዩነት ደግሞ የሚዛን ስህተትና የጆንያ ቀዳዳ ይሸፍኑታል። ወፍራሙ መዝገብ ላይ፣ ከሁለት ወር በኋላ በተደረገ ስብሰባ፣ አንድ መስመር አለ፦ «በድርቀት የቀነሰው 4 ኩንታል ከሂሳብ እንዲሰረዝ ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ።» የማንም ስም የለም።

ስወጣ መጋዘኑ ክፍት ነበር። ቁልፉ ዛሬም በዚያው ሰው እጅ ነው።