በሰረዞቹ መካከል

አንድ ባልደረባዬ ስለ ቡና የጻፈውን ረቂቅ ሂዩጎ ለተባለው የድረ ገጽ መገንቢያ ሲያዘጋጅ፣ ከጽሑፉ አናት ላይ ይህችን ራስጌ አኖረ፦

```yaml
---
title: "ቡና: ከጅማ እስከ ጀበና"
date: 2024-09-15T08:00:00+03:00
tags: ["ቡና", "ጅማ"]
---
```

አንባቢ እንዲህ ሆና አያያትም፤ የተጻፈችው ለማሽኑ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ አየኋት፤ በከንቱ የገባ ምልክት አጣሁባት።

ከርእሱ ልጀምር። ያምል በሚባለው አጻጻፍ የላቲኑ ሁለት ነጥብና ባዶ ቦታ ሲከታተሉ የመስኩ ስም አልቋል ማለት ነው። ትምህርተ ጥቅሱ ባይኖር ማሽኑ ከ«ቡና» በኋላ ያለውን ሁለት ነጥብ እንደዚያ ይቆጥረውና የስሕተት መልእክት አውጥቶ ይቆማል። ይህ ስሕተት ራሱን ስለሚያጋልጥ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዱት ድምፅ የሌላቸው ናቸው።

መለያዎቹን እንይ። በአማርኛ የቁልፍ ሰሌዳ እየጻፉ `[ቡና፣ ጅማ]` ማለት ቀላል ነው። ያምል ግን የእኛን ነጠላ ሰረዝ እንደ መለያያ አያውቀውም፤ «ቡና፣ ጅማ» የሚል አንድ መለያ ፈጥሮ ያልፋል። ባልደረባዬ እያንዳንዱን ቃል በጥቅስ ስለከበበ፣ በስሕተት የእኛው ነጠላ ሰረዝ በመካከላቸው ቢገባ እንኳ ግንባታው ይቆምና ይታወቃል። ይህን ጥንቃቄ በጣም ወደድኩት። የከተማይቱን ስምም በሌሎቹ ጽሑፎች ላይ እንዳለው «ጅማ» ብሎ ጻፈ። «ጂማ» ቢል ኖሮ ለአንዲት ከተማ ሁለት የመለያ ገጾች ይከፈቱ ነበር።

ከሁሉ የላቀው ሥራ ቀኑ ላይ ነው። ጽሑፉ የሚወጣው መስከረም 5 ቀን 2017 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር። ይህን እንዳለ `2017-01-05` ብሎ ቢጽፈው ማሽኑ ያለ ቅሬታ ይቀበልና ጽሑፉን በፈረንጆቹ ጥር 2017 ያስቀምጠዋል፤ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ። ጳጉሜን ቢሆን 13ኛ ወር ስለማያውቅ እንቢ ይል ነበር፤ መስከረም ግን ያታልላል። ሰዓቱም ወደ 08:00 ተመልሷል።

መጨረሻ ላይ ያለው `+03:00` የአዲስ አበባ ሰዓት ነው። እሱ ከሌለና በቅንብሩ የሰዓት ክልል ካልተነገረው፣ ሂዩጎ 08:00ን የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል፤ ያ ደግሞ በእኛ 5 ሰዓት ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረ ገጹ ሲገነባ ጽሑፉ «ገና የወደፊት» ተብሎ ይዘለላል፤ የስሕተት መልእክት የለም። 5 ሰዓት ሲሞላም እንደገና ካልተገነባ በራሱ አይወጣም።

ስለዚህ የጻፋችሁት ያለ ምንም መልእክት ከገጹ ከጠፋ፣ ጽሑፉን ከመነካካታችሁ በፊት `hugo list future` ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑ ገና ነው የተባለው ሁሉ እዚያ ተዘርዝሮ ይገኛል።