ሩቅ ሆኖ የቀረበ ድምፅ፦ ቲክቶከሮች፣ ተመልካቾቻቸውና እምነት በሀዲያና በከምባታ ከተሞች

በቦኖሻም ሆነ በሆሳዕና፣ በዱራሜም ሆነ በሺንሺቾ ብዙ ቤተሰብ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ልጅ፣ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ አለው። የዚያ ሰው ድምፅ ለዓመታት የሚሰማው በስልክ፣ ፊቱም የሚታየው በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ነው። በዚያው ስልክ፣ በዚያው የማታ ሰዓት፣ ከዚያው አገር ሌላ ፊትም ይመጣል። ይህኛው ዘመድ አይደለም፤ ቲክቶከር ነው። ሆኖም ሰላምታው የዘመድ ነው፤ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ «እናቶቼ እንዴት ናችሁ» ይላል፣ በአማርኛ ጀምሮ ወደ ሀዲይኛ ወይም ወደ ከምባትኛ ይሻገራል። ተመልካቹ እሱን ለወራት ሲያይ ከርሞ ያውቀዋል፤ እሱ ግን ተመልካቹን አያውቅም።

ይህን ዓይነቱን የአንድ ወገን ቅርርብ «ፓራሶሻል» ብለው የሰየሙት ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል ናቸው፤ ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1956 «ሳይካትሪ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። ያዩት የዚያን ጊዜ የአሜሪካን የሬዲዮና የቴሌቪዥን አቅራቢዎች ነበር። አቅራቢው ወደ ካሜራው ዞሮ አንድን ሰው እንደሚያናግር ይናገራል፤ ተመልካቹም በቤቱ ሆኖ እንደተናገሩት ሰው ምላሽ ይሰጣል። ግንኙነቱን የሚመራው ግን አቅራቢው ብቻ ነው። ተመልካቹ ደስ ካላለው መተው ይችላል እንጂ መልስ መጠየቅ፣ መውቀስ ወይም ቃል ማስገባት አይችልም።

ከእነሱ 10 ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ አንድ መጽሐፍ ግን ለእኛ ጉዳይ የበለጠ ይጠቅማል። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1946 ያሳተመው ጥናት ኬት ስሚዝ የተባለችው ዘፋኝ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1943 ያደረገችውን ይመረምራል። ስሚዝ በአንድ ቀን ለ18 ሰዓታት ያህል በየመሀሉ እየተመለሰች በሬዲዮ ቀርባ ሕዝቡ የጦርነት ቦንድ እንዲገዛ ለመነች፤ በዚያ አንድ ቀን 39 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቃል ተገባ። ሜርተን አድማጮችን አነጋግሮ ያገኘው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ጥልቅ ነው። ሰዎቹ ስለ ቦንድ አዲስ ነገር አልሰሙም፤ መንግሥትም ሲለፍፈው የቆየ ጉዳይ ነው። ያሳመናቸው የድምፅዋ መድከም ነበር። «ሀብታም ናት፣ አትጠቀምበትም፣ ግን ደክሟት እንኳ አልተወችም» አሉ፤ ልፋቷን ለቅንነቷ ምስክር አደረጉት። ጥሪዋም አስቀድሞ የሚነካ ቁስል ያላቸውን፣ ልጆቻቸው ጦር ሜዳ የነበሩትን እናቶች አጥብቆ ያዘ።

በእኛ አገር ይህን የሚመስል ነገር በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር አይተናል። ቢኒያም በለጠ ለመሠረተው ለሜቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ሕንፃ ማጠናቀቂያ በሰይፉ ፋንታሁን የዩቲዩብ ቻናል ለቀናት የዘለቀ የቀጥታ ስርጭት ተደረገ፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብርም ተሰበሰበ። የሰጪው ስም ይነበባል፣ ይመረቃል፣ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ አቅራቢው ሌሊቱን ያነጋል። የስሚዝ ድካም በሬዲዮ የሠራውን ሥራ እዚህም የአቅራቢው እንቅልፍ ማጣት ሠርቷል ብዬ አምናለሁ። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የተመልካቹ ስም መጠራቱ ነው። ሆርተንና ዎል ባዩት ዓለም መልስ አልነበረም፤ እዚህ ግን ለሰኮንድም ቢሆን መልስ አለ፤ የሚመጣው ለጥቂቶች ብቻ ስለሆነ ሌላው ተመልካች ተራውን እየጠበቀ ይቆያል። ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይልቃል። ለሜቄዶንያ የሰጠ ሰው እምነቱ በሰይፉ ብቻ አልተንጠለጠለም፤ የተቋሙ የባንክ ሒሳብ አለ፣ ሄዶ የሚያየው ግቢ አለ፣ ግቢው ውስጥ የሚጦሩ ሰዎች አሉ። ቅርርቡ በሩን ከፈተ፤ እምነቱን የተሸከመው ግን ከስክሪኑ ውጭ ያለ፣ የሚጠየቅ አካል ነው።

የሚጠየቅ አካል በሌለበትስ? የሆሳዕና ሕዝብ ከኢንተርኔቱ በፊት አንድ ትልቅ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፒተር ያንግረን የተባለ የካናዳ ወንጌላዊ ሆሳዕና ላይ ባቀረበው ስብከት ለአካባቢው ሕዝብ የደቡብ በር እንደተከፈተ የሚናገር ትንቢት ተናገረ፤ ይህን የስደት ጥናት ተመራማሪው ደረጀ ፈይሳ በጽሑፎቹ በሰፊው አትቶታል። ጉዞውን ትንቢቱ ብቻ አልፈጠረውም፤ የመሬት ጥበት ነበር፣ የሥራ እጦት ነበር፣ ደቡብ አፍሪካም ከአፓርታይድ በኋላ በሯን ከፍታ ነበር። ትንቢቱ የሰጠው ሌላ ነገር ነው፦ ለሚሄደው ድፍረት፣ ለሚልከው ወላጅ ደግሞ የልብ ዕረፍት። እኔን የሚገርመኝ ግን ቃሉ የተጓዘበት መንገድ ነው። መድረኩ ላይ የነበሩት ሰሙት፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ቤት የወሰደው የሰፈር ሰው፣ የጸሎት ወዳጅ፣ የእህት ባል ነው። አንድ እንግዳ ሰባኪ የተናገረው ቃል ዱራሜ ወይም ቦኖሻ ሲደርስ የሚያውቁት ሰው ቃል ሆኖ ነው የደረሰው።

ካትዝና ላዛርስፌልድ እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጡት ጥናት የመገናኛ ብዙኃን ተጽዕኖ በሁለት እርምጃ እንደሚሄድ ያሳዩት ይህንኑ ነው፦ ከሬዲዮ ወደ ሰፈሩ አዋቂ፣ ከአዋቂው ወደ ጎረቤት። ዛሬ ብዙ ተንታኞች ማኅበራዊ ሚዲያ መሀል ያለውን ሰው አስወጥቶ ቲክቶከሩን ከተመልካቹ በቀጥታ አገናኝቷል ይላሉ። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች የማየው ግን ይህ አይደለም። ስልኩን ብዙ ሰው በጋራ ያየዋል፤ ቪዲዮው በቴሌግራም ከአክስት ልጅ ይላካል፤ ወጣቱ ከጓደኞቹ ጋር ሱቅ ደጃፍ ላይ ያየዋል። መሀል ያለው ሰው አልጠፋም፤ ሥራው ግን ወደ አንድ ጣት ንክኪ አንሷል። ሲልከው አንብቦ፣ አጣርቶ፣ ተጠያቂ ሆኖ አይደለም፤ ተቀባዩ ግን «እገሌ ልኮልኝ» ብሎ ያየዋል። በዚህ መሀል የቲክቶከሩ ወዳጅነትና የዘመዱ ቃል ይደባለቃሉ።

ከደቡብ አፍሪካ የሚተላለፈውን አንድ ዓይነተኛ ላይቭ ልብ ብለን እንየው። ሰውየው የሚሠራው በጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ባለ አነስተኛ ሱቅ ነው። ስልኩን ሳሙና ካርቶን ላይ አስደግፎታል። ከጀርባው መደርደሪያው ይታያል፦ ዘይት፣ የሚሪንዳ ጠርሙስ፣ ዳቦ፣ ሲጋራ። ጊፍት የላከለትን ስም ይጠራል፤ ተመልካቹ በገንዘቡ ኮይን ገዝቶ የላከው ነው፤ ከዚያ ላይ ኩባንያው ድርሻውን ይቆርጣል፣ የቀረው ለሰውየው ይደርሳል። በመሀል ደንበኛ ይመጣል፤ ሰውየው ከስክሪኑ ወጥቶ ይመለሳል። ዕቃውን ያሳለፈው በብረት ፍርግርግ ቀዳዳ በኩል ነው። ፍርግርጉ ግን አይታይም፤ ካሜራው የሚያየው መደርደሪያውን ነውና። ይህ ሰው አልዋሸም። ሱቁ የእውነት ነው፣ ዘይቱም የእውነት ነው። ፍርግርጉ የሚከላከለው ዝርፊያ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰው መገደሉ፣ እስከዚያ ሱቅ የሚያደርሰው መንገድ ግን ከፍሬሙ ውጭ ቀርተዋል። መንገዱ በሞያሌ አድርጎ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ ከዚያም በማላዊ ወይም በሞዛምቢክ ያልፋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል፤ በሕይወት የተረፉት 14 ነበሩ።

ስለዚህ በዚህ አካባቢ የፓራሶሻል ቅርርብ ዋና አደጋ ሐሰተኛ መረጃ አይመስለኝም። ሐሰትን ሊያጋልጡት ይችላሉ። የሚከብደው እውነተኛው ነገር ተቆርጦ ሲቀርብና የቆረጠው ሰው ወዳጅ ሲመስል ነው። ወዳጅን «የቀረውስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስላል። ኤሚሊ ሞየር-ጉሴ እ.ኤ.አ. በ2008 ባቀረበችው ንድፈ ሐሳብ ለሚወዱት ገጸ ባሕርይ ያለ ቅርርብ «ሊያሳምኑኝ ነው» የሚለውን ጥርጣሬ እንደሚያበርደው ተከራክራለች። ይህ ለበጎም ይሆናል። ከግንቦት 1994 ዓ.ም. ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ ያስተማረው በዚሁ መንገድ ነበር፤ አድማጮች ስለ ገጸ ባሕርያቱ በሺህ የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ጽፈዋል። ግን ያ ድራማ የባለታሪኩን ስሕተት ከነመዘዙ ያሳይ ነበር፤ የተጻፈውም ለዚያ ነው። ላይቭ ላይ ያለው ሰው መዘዙን እንዲያሳይ የሚያስገድደው ደራሲ የለም፤ ጊፍት የሚያመጣለትም የሞላ መደርደሪያ ነው።

ቲክቶከሩን ሙሉ በሙሉ መውቀስም ተገቢ አይደለም። እሱም ብቸኛ ነው፤ በማያውቀው ሰፈር ከፍርግርግ ጀርባ 14 እና 15 ሰዓት የሚቆም ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው «እንዴት ዋልክ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ለእናቲቱም ቢሆን የሌላ ሰው ልጅ ጤና ሆኖ ሲስቅ ማየት የራሷ ልጅ ስልክ ባላነሳበት ሳምንት የሚሰጣት ነገር አለ። የሜርተን እናቶች ኬት ስሚዝ ውስጥ የሰሙት የልጆቻቸውን ጉዳይ እንደነበር ሁሉ፣ እሷም በዚያ ፊት ላይ የምታየው ልጇን ነው። ይህን ማታለል ብሎ ማለፍ የሰዎቹን ናፍቆት መናቅ ይሆናል።

አንድ ቤተሰብ ልጁን ሊልክ ሲወስን ግን ጉዳዩ ይለወጣል። በዚህ አካባቢ ጉዞውን ብዙ ጊዜ የሚደግፈው ቀድሞ የሄደ ዘመድ ነው፤ ገንዘብ ያወጣል፣ ይቀበላል፣ ሥራ ያስይዛል፤ ልጁ መንገድ ላይ ቢቀር ወላጆቹ ፊት ቆሞ የሚጠየቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ዘመድ «ዘንድሮ ይቅር፣ ነገሩ ከፍቷል» ሲል ቃሉ ክብደት ሊኖረው ይገባል። አሁን ግን ያ ቃል የሚመዘነው በየማታው ከሚታየው የሞላ መደርደሪያ ጋር ነው። ወጣቱ «እሱ ብቻውን መብላት ፈልጎ ነው» ሊል ይችላል፤ ምንም ኃላፊነት የሌለበት ሰው ኃላፊነት ካለበት ሰው በላይ ይታመናል። አንድ ቤት ውስጥ እምነት ቦታውን መሳቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ይህን በጥናት ለመያዝ አሁን በእጃችን ያለው መሣሪያ አይበቃም። ሩቢን፣ ፐርስና ፓውል እ.ኤ.አ. በ1985 ያዘጋጁት፣ እስካሁንም በብዛት የሚሠራበት ባለ 20 ጥያቄ መለኪያ አንድን ተመልካች ብቻውን ይዞ ለዜና አቅራቢው ምን ያህል እንደቀረበ ይጠይቃል። የተሠራው በሳሎኑ የራሱ ቴሌቪዥን ላለው ሰው ነው። ወደ ሀዲይኛና ወደ ከምባትኛ ቢተረጎም እንኳ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ ስልክ ከበው የሚያዩትን አምስት ወጣቶች አይለካም። ለዚህ አካባቢ የሚሆን መጠይቅ ቲክቶከሩን ምን ያህል እንደሚወዱት ከመጠየቁ በፊት ቪዲዮውን ማን እንደላከላቸው፣ ከማን ጋር እንዳዩት፣ ካዩት በኋላ ደቡብ አፍሪካ ላለው ዘመዳቸው ደውለው እንደሆነና እሱ ያለውን ለምን እንዳመኑት ወይም እንዳላመኑት መጠየቅ ይኖርበታል።