ቁጥሩን ከማመን በፊት ኩርባውን ማየት

ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ተፈትቶ የወጣ 18650 ሴል ለሽያጭ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ ልባሱ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ይጻፍበታል፤ 1850፣ 2100፣ 2300። ሴሉ ስንት ሚሊአምፒር ሰዓት እንደሚይዝ መናገሩ ነው። ግን በስንት አምፒር ተፈተነ? ስንት ቮልት ላይ ተቋረጠ? እነዚህ ካልታወቁ ያው ሴል 1500ም 1900ም ሊባል ይችላል፤ ሁለቱም ውሸት አይሆኑም። ስለዚህ ጥሩ ሙከራ የሠራን ሰው የምለየው በመጨረሻው ቁጥር አይደለም። ቮልቴጁ ከሰዓት ጋር እንዴት እንደወረደ የሚያሳየውን ግራፍ ይዞ ሲቀርብ፣ ጥጉ ላይም ያወረደበትን ከረንት፣ የጀመረበትንና ያቆመበትን ቮልት ጽፎ ሲገኝ ነው።

አንድ ግራፍ አብረን እናንብብ። ሴሉ አዲስ በነበረ ጊዜ 2600 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዝ ነበር። እስከ 4.20 ቮልት ቻርጅ ተደርጎ፣ አንድ ሰዓት አርፎ 4.18 ቮልት ያሳያል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ካረፈ በኋላ 4.10 ላይ ቢገኝ ኖሮ፣ ወይ ቻርጀሩ 4.20 እንደነካ ተነቅሏል፣ ወይ ሴሉ ውስጥ ለውስጥ ቻርጁን ያፈሳል ብዬ እጠረጥር ነበር። 4.20 መንካት መሙላት አይደለም፤ እዚያው ቮልት ላይ ተይዞ ከረንቱ ወደ 50 ሚሊአምፒር እስኪወርድ መቆየት አለበት። ያንን የዘለለ ሙከራ ገና ሳይጀመር ጎድሏል።

500 ሚሊአምፒር የሚስብ ሎድ ሲገናኝ ቮልቴጁ በአንድ ጊዜ ከ4.18 ወደ 4.06 ይወድቃል። ብዙ ሰው ይህችን የመጀመሪያ ውድቀት አያያትም፤ ለእኔ ግን ከግራፉ ሁሉ ቁም ነገር ያለባት ቦታ ናት። 0.12 ቮልት ለ0.5 አምፒር ሲካፈል 240 ሚሊኦም ሬዚስታንስ ይሰጣል። ለጤነኛ ሴል ይህ በጣም ብዙ ነው። ታዲያ ሴሉ ነው ያረጀው? ለመፍረድ አንቸኩል። ሎዱ እየሠራ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች መያዣው ላይ ሳይሆን ራሱ ሴሉ ላይ፣ በፖዘቲቩና በኔጌቲቩ ገጽ ላይ ስናሳርፍ 4.11 እናነባለን። ስለዚህ ከ240ው ውስጥ 100ው የሽቦውና የመያዣው ስፕሪንግ ነው፤ የሴሉ 140 ብቻ ነው። ቮልቴጁን ለማንበብ ብቻ የተለየ ሁለት ሽቦ ሴሉ ድረስ የሚዘረጋ ሞካሪ የሚመረጠው ለዚህ ነው። መያዣው የላላ ከሆነ ደግሞ ግራፉ ራሱ ያጋልጠዋል፤ ኩርባው መሃል ድንገት ደረጃ ሠርቶ ይወርዳል፣ ተመልሶም ይወጣል። ሴል እንዲህ አይዘልም፤ የሴል አወራረድ ለስላሳ ነው።

ከዚያ በኋላ መስመሩ ረጋ ብሎ ይንሸራተታል። በአንደኛው ሰዓት መጨረሻ 3.85፣ በሁለተኛው 3.70፣ በሦስተኛው 3.58 ነው። ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ 3.44 ላይ ደርሶ ይታጠፍና እንደ ገደል ቁልቁል ይሄዳል፤ በ12 ደቂቃ ውስጥ 3.00 ይነካል፣ ሙከራውም ይቆማል። 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ በ500 ሚሊአምፒር፣ 1850 ሚሊአምፒር ሰዓት።

አሁን ይኸው ሴል ግማሽ መንገድ ላይ በእጃችን ቢገባና ስንት እንደቀረው ብንጠየቅስ? በዚያው ሎድ፣ በዚያው መያዣ 3.64 ቮልት አነበብን እንበል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሰዓት መሃል ስለሚወድቅ 1250 ያህል ወጥቷል፣ 600 ቀርቷል ማለት ነው። ግን እዚያ አካባቢ ሙሉ 500 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚወጣው ቮልቴጁ 0.12 ብቻ ሲወርድ ነው። ቴስተሩ በ0.03 ቮልት ቢሳሳት ግምታችን በ125 ይናጋል፤ መልሱም ከ475 እስከ 725 ይሆናል። ከመታጠፊያው በታች ግን ያው የ0.03 ስህተት 7 ሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ ነው። በግራፉ መሃል ላይ ቆሞ «587 ቀርቶታል» የሚል ሰው የቁጥሩን ትክክለኛነት ከራሱ ጨምሯል። አዋቂው «600 ገደማ፣ ከመቶ በላይ ልስት እችላለሁ» ይላል። እውነተኛውን መልስ የሚሰጠው እስከ መታጠፊያው የወረደ ሙከራ ነው። ከ2.5 ቮልት በታች ግን አይወረድም፤ እዚያ የሚገኘው ኢምንት ነው፣ ሴሉ ግን ይጎዳል።

ሴል የሚያረጀው በሁለት መንገድ ነው፣ ኩርባውም ሁለቱን ለየብቻ ያሳያል። አንደኛው እንደ ጀሪካን መጥበብ ነው፤ የሚይዘው ራሱ ስለሚያንስ መስመሩ ከፍታው ሳይለወጥ ያጥራል፣ መታጠፊያውም ቀድሞ ይመጣል። ሁለተኛው የጀሪካኑ አፍ መጥበብ ነው፤ ያለው አለ፣ ግን ሬዚስታንሱ ስለጨመረ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ሁለቱን ሳይለዩ «ይህ ሴል ሞቷል» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። መለያው ቀላል ነው። ሙከራው ከቆመ በኋላ ሴሉን ግማሽ ሰዓት አሳርፎ ማየት። የእኛው ሴል ወደ 3.38 ተመልሷል። በ100 ሚሊአምፒር እንደገና ወደ 3.00 ስናወርደው ሌላ 60 ሚሊአምፒር ሰዓት ሰጠ። ድምሩ 1910፣ ከ2600 ጋር ሲነጻጸር 73 በመቶ ገደማ ነው። ሬዚስታንሱ የደበቀው 60 ብቻ ከሆነ፣ የጠፋው አቅም በአብዛኛው በእርግጥ የጠፋ ነው። ይህ በዋናነት ጀሪካኑ የጠበበ ሴል ነው።

ያንኑ ሴል በዚያው መያዣ በ2 አምፒር ብናወርደው ኖሮ 240 ሚሊኦሙ 0.48 ቮልት ይበላ ነበር። ሞካሪው 3.00 ብሎ ሲያቆም ሴሉ በውስጡ ገና 3.48 አካባቢ ይሆናል፤ መታጠፊያውን በደንብ ሳይገባበት ይቋረጣል፣ ልባሱ ላይም ያነሰ ቁጥር ይጻፋል። መጠርጠሪያው መታጠፊያ የሌለው ግራፍ ነው። መስመሩ ዘንበል እንዳለ ድንገት ካለቀ፣ ያለቀው ሙከራው እንጂ ሴሉ አይደለም።

በሊቲየም አይረን ፎስፌት ሴል ግን ከቮልቴጁ ቀሪውን የመገመቱን ዘዴ አትሞክሩት። የእሱ ኩርባ 3.2 እና 3.3 ቮልት መካከል ጠፍጣፋ ሆኖ አብዛኛውን መንገድ ስለሚሄድ፣ ከመሃሉ ላይ ቮልት አንብቦ ቀሪውን መገመት አይቻልም። ከሙሉ ተነስቶ የወጣውን አምፒር ሰዓት መቁጠር ብቻ ነው አማራጩ።

የእኛው ሴል ልባስ ላይ እኔ ብጽፍ «1850፣ በ0.5 አምፒር፣ ከ4.20 እስከ 3.00፣ 140 ሚሊኦም» እላለሁ። ግማሽ አምፒር ለሚስብ የሶላር መብራት ይሆናል፤ ብዙ አምፒር ለሚስብ ድሪል ግን አልሰጠውም። 1850 አቅም ያለው ሌላ ሴል 60 ሚሊኦም ቢኖረው ደግሞ ቁጥራቸው አንድ ነው ብዬ ከዚህኛው ጋር በትይዩ አላስረውም፤ ሎዱ ሲበረታ አብዛኛውን ከረንት የሚሸከመው እሱ ይሆናልና።