የጥር ቀብድ የክረምት ደሞዝ አይከፍልም

ጎንደር ውስጥ ሆቴል የሚያስተዳድር ሰው ወቅቱን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር እንግዳ አልጋ ያጣል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ አልጋ እንግዳ ያጣል። ለእኔ፣ ሂሳቡን ለምይዘው፣ ክረምት የሚከብደው ሌላም ምክንያት ስላለው ነው፤ ገቢ በሚሳሳበት በዚያው ሰሞን የሰው ገንዘብ ወደ ሂሳባችን ይገባል። ለጥምቀት ክፍል የሚይዙ አስጎብኚ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ ቀብዱን የሚልኩት ዝናቡ ሳያባራ ነው።

አርባ ክፍል ያለው ሆቴል እንውሰድ። ደሞዝ፣ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ፣ የባንክ ብድር፣ ጥበቃ፣ ኢንሹራንስና ኢንተርኔት ተደምረው በወር 780 ሺህ ብር ይሁኑ። እንግዳ መጣም ቀረም ይህ ይከፈላል። አንድ ክፍል ለአንድ አዳር ያለ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ 2,000 ብር ቢከራይ፣ ቁርሱ፣ ሳሙናውና የአንሶላ እጥበቱ 500 ብር ያህል ይወስዳል። ለቋሚ ወጪ የሚተርፈው 1,500 ብር ነው። ስለዚህ ወሩ ራሱን እንዲችል 520 አዳር መሸጥ አለበት፤ ይህም ከሆቴሉ አቅም 43 በመቶ ገደማ ነው። በክረምት 20 በመቶ ብቻ ከተያዘ 240 አዳር ይሆናል፤ የሚገኘው 360 ሺህ፣ የሚጎድለው 420 ሺህ። በሦስት ወር ጉድለቱ 1 ሚሊዮን 260 ሺህ ብር ይደርሳል።

አሁን ቀብዱ ይምጣ። ለጥምቀት አርባውም ክፍል ለሦስት ሌሊት በ6,000 ብር ተይዞ ግማሹ አስቀድሞ ቢከፈል 360 ሺህ ብር ነው። የአንድ ወር ጉድለት ለመሸፈን ትንሽ ብቻ ይቀረዋል፤ ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። ይህ ገንዘብ የከተራ ዋዜማ እንግዳው ክፍሉን እስኪረከብ ድረስ ዕዳችን ነው። በክረምት ከተበላ በጥር የሚገባው ቀሪው ግማሽ ብቻ ይሆናል፤ የበዓሉ ሥጋ፣ መጠጥ፣ የጄኔሬተር ናፍጣና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን ሙሉ በሙሉ ይጠበቃሉ።

ስለዚህ ቀብድ በተለየ የባንክ ሂሳብ ይቀመጣል፤ የሚወጣውም የመመለሻ ጊዜው ሲያልፍ ብቻ ነው። በእኛ ውል እስከ ኅዳር 30 የሰረዘ 90 በመቶ፣ እስከ ታኅሣሥ 20 የሰረዘ ግማሹን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመለስ የለም። ሆኖም በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል እንደታወጀው ዓይነት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቢመጣ ወይም መንገድ ቢዘጋ ሙሉው ይመለሳል። አስጎብኚው ተመላሹን ትቶ ለከርሞ ይዛወርልኝ ካለ ጥሬ ገንዘቡ ይተርፍልናል፤ ዕዳው ግን አብሮን ይከርማል፤ የከርሞውን ክፍል ግማሽ ዋጋ ከወዲሁ ተቀብለናልና።

ታዲያ ክረምቱ በምን ይታለፋል? በደጉ ወቅት ትርፍ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት አራት ወራት 75 በመቶ ከተያዘ፣ ቋሚ ወጪ ተከፍሎ በወር 570 ሺህ ይተርፋል። ከዚህ ውስጥ 315 ሺህ በየወሩ ቢቀመጥ የክረምቱ ጉድለት ይሞላል። የቀረው ግን ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ጥገናና ግብር ይጠብቁታል።

ቋሚ ወጪን መቀነስ የሚመስለውን ያህል አይቀልም። አንድ ፎቅ ሲዘጋ የውኃ ማሞቂያዎቹ ይጠፋሉ፤ የሠራተኛው ደሞዝ ግን እንዳለ ነው። የዓመት እረፍትን በክረምት መስጠትም የነሐሴን ወጪ አይቀንስም፤ እረፍቱ የሚከፈልበት ነውና። ጥቅሙ የሚታየው በጥር ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ስለሚሆን ምትክ አንቀጥርም። የብድሩን ወርኃዊ ክፍያ በክረምት አሳንሶ በበጋ ከፍ ለማድረግ ደግሞ ባንኩን የምናነጋግረው ሂሳባችን ሞልቶ በሚታይበት በየካቲት ነው። በነሐሴ የመጣ ተበዳሪ መክፈል ያቃተው ይመስላል።

በክረምቱ የገንዘብ ዕቅድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ መስመር አለ። የነሐሴ ደሞዝ ከተከፈለ በኋላ ጳጉሜን ተጨምሮ እስከ መስከረም ደሞዝ ሠላሳ አምስት ቀን ይሆናል፤ በመካከሉ ዘመን መለወጫና የትምህርት ቤት ክፍያ አሉ። የጽዳትና የወጥ ቤት ሠራተኞች የደሞዝ ብድር ይጠይቃሉ። እኔ ይህን ብድር በጳጉሜን ሳምንት ላይ ከሐምሌ ጀምሮ እጽፈዋለሁ፤ ካልሆነ ዓይናችን ወደ ቀብዱ ይሄዳል።

ዕቅዱ በሳምንት የተከፈለ የሦስት ወር ሠንጠረዥ ነው፤ ወርኃዊ ድምር ደሞዝ የሚወጣበትን ሳምንት ይደብቃልና። በየሰኞው የባንክ ሂሳቦቹን ሁሉ ደምሬ፣ ገና ላላስተናገድነው እንግዳ የተቀበልነውን ቀብድ እቀንሳለሁ። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከወረደ፣ ባንኩ ምንም ያህል ብር አለ ቢለን ሆቴሉ በእንግዶቹ ገንዘብ እየኖረ ነው። በዚያ ሳምንት አዲስ ግዢ አይፈረምም።