ምክር እጠይቃለሁ ብሎ የማይጠይቅ ደብዳቤ

ሰሞኑን ደባርቅ ውስጥ አንድ ተመራቂ ለማያውቀው ተመራማሪ ሊልክ ያሰናዳውን ኢሜይል ጓደኞቹ ስልኩን እየተቀባበሉ ሲያደንቁለት ሰማሁ። «ቋንቋው እንዴት ያምራል!» ይባባላሉ። እኔም አነበብኩት። ቋንቋው ያምራል፤ ኢሜይሉ ግን አይረባም።

ስምን አስተካክሎ መጻፍ፣ «እርስዎ» ማለት፣ ማንነትን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር፣ ሲቪ አለማያያዝ፤ ይህን ሁሉ ያውቃል ብዬ አልፈዋለሁ። አድራሻውም ቢሆን አይቸግርም፤ በተመራማሪው ጥናታዊ ጽሑፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ታትሞ ይገኛል። እኔ የማንንም ረቂቅ ስቀበል መጀመሪያ የምፈልገው የጥያቄ ምልክት ነው። ከሌለ ከላይ ያለውን አላነብም።

የዚያ ልጅ ኢሜይል ስለ ሰሜን ተራሮች ውበት፣ ስለ ልጅነት ፍላጎቱና ስለ ተመራማሪው ታላቅነት አትቶ «በሙያዬ እንዳድግ ምክርዎን እንዲለግሱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብሎ ይዘጋል። ምን ይመለስለት? ጥያቄውን ራሱ ተቀባዩ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ደግሞም እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ይጠረጥራል፤ ምክር ተብሎ የተጀመረው በሦስተኛው ኢሜይል ስኮላርሺፕ ሆኖ እንደሚመጣ ከዚህ በፊት አይቷል። ስለዚህ ዝም ይላል። ልጁም «ኩራተኛ ነው» ብሎ ያማዋል።

ዳባት ውስጥ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አዛውንት አውቅ ነበር። ባለጉዳዩ ነገሩን ከአያቱ ጀምሮ ሲተርክላቸው በትዕግሥት ያዳምጣሉ፤ ብዕራቸውን ግን አያነሡም። ሲጨርስ «እሺ ልጄ፣ ዳኛው ምን እንዲወስንልህ ነው?» ይሉታል። መልሱን ሲያገኙ ከወረቀቱ ግርጌ የሚጠየቀውን ዳኝነት አስቀድመው ይጽፉና ከዚያ ወደ ላይ ይመለሳሉ። ለዚያ ዳኝነት የማይጠቅም ታሪክ፣ ባለጉዳዩ ቢያለቅስበትም፣ ወረቀቱ ላይ አይገባም። «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር የሚሞሉት መጨረሻ ላይ ነበር። ዛሬ ኢሜይል የሚጽፍ ወጣት ርእሱን «ምክር ስለመጠየቅ» ብሎ ሲጀምር ባየሁ ቁጥር እኚህ ሰው ትዝ ይሉኛል።

በእሳቸው መንገድ ከልጁ ጋር ተቀመጥን። ምን ማወቅ ነው የፈለግከው? ብዙ ካንገራገረ በኋላ ጥያቄው ወጣ። የጊጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተዛወሩ ወዲህ ሜዳው ላይ የሚግጡትን ጭላዳዎች መቁጠር ይፈልጋል፤ አቆጣጠሩ ግን አላስተማመነውም። ኢሜይሉ እንዲህ ሆነ፦

«ጉዳዩ፦ ጊጭ ላይ ጭላዳ ስለ መቁጠር አንድ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በባዮሎጂ የተመረቅሁ የደባርቅ ልጅ ነኝ፤ ስለ ጭላዳ ግጦሽ የጻፉትን አንብቤያለሁ። ጊጭ ላይ ጠዋት ካደሩበት ገደል ሲወጡ አንድ ቦታ ቆሜ ለመቁጠር ሞከርኩ። ሜዳው ላይ መንጋዎቹ ስለሚቀላቀሉና ስለሚለያዩ ግን አንዱን ሁለት ጊዜ ሳልቆጥር አልቀረሁም። እርስዎ ቢሆኑ ከገደሉ አፋፍ ላይ ይቆጥራሉ ወይስ ሜዳው ላይ በመስመር እየሄዱ? የአንድ መስመር መልስ ይበቃኛል።»

ትሕትናው የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ ነበር። ትሕትናው የሰውየውን ጊዜ መቆጠቡ ላይ ነው። ተቀባዩ ከስልኩ ላይ «ከአፋፉ ቁጠር» ብሎ መመለስ ይችላል። ሁለቱም መንገዶች ስሕተት ከሆኑም ሦስተኛውን ይነግረዋል፤ አዋቂ ሰው የተሳሳተ ነገር አይቶ ሳያርም ማለፍ ይከብደዋል። ልጁ ሞክሮ የት ላይ እንደተሰናከለ ስለሚታይም ስለ ትጋቱ ምስክር አያስፈልገውም። አድናቆቱ ራሱ «አንብቤያለሁ» በምትለው ቃል አለቀ፤ ማንበቡን የሚያሳየው ጥያቄው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማታለያ አለ። አንዳንዱ የጥያቄ ምልክት እንደምፈልግ ሲሰማ «እንዴት ስኬታማ ልሁን?» ብሎ ይመጣል። ምልክቱ አለ፣ ጥያቄ ግን የለም። ይህን የምለየው በቀላሉ ነው፦ ለጭላዳ ተመራማሪ የተጻፈውን ለባንክ ሥራ አስኪያጅ ብልከው ይሄዳል? ከሄደ ይቀደድ። ጽሑፉን ፈልጎ በማንበብ የሚገኝ መልስን መጠየቅም እንዲሁ ነው፤ ጭላዳ ምን ይበላል ብሎ ለጭላዳ ተመራማሪ የሚጽፍ ሰው ሣር እንደሚበላ ከማንኛውም የደባርቅ እረኛ መስማት ይችል ነበር።

መልስ ከዘገየ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ማስታወስ ይበቃል፤ ሁለተኛው ማስታወሻ ውትወታ ነው። መልስ ከመጣ ደግሞ በምክሩ ምን እንደሠራችሁ ጻፉለት፤ ይህን የሚያደርግ እምብዛም አላየሁም።

ከእንግዲህ ረቂቄን እይልኝ የሚል ሁሉ ጥያቄውን አስምሮበት ይምጣ። ያልተሰመረበትን አላይም።