«ርክክብ» የሚለው ቃል በአንድ የሥራ መግለጫ ትርጕም ውስጥ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተተረጐመ፣ ከሁለት ዓመት በላይ በየወሩ ለሠራተኞች ሲታደል የቈየ አንድ የገጠር ውኃ ሥራ መግለጫ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ አላስፈለገንም። ትርጕሙን ሦስት ሰዎች ተቀባብለው ሠርተውታል፤ እያንዳንዱን ቍጥር ለብቻው ላነበበ ሰው አማርኛው የሚያስነቅፍ አይደለም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ቦታ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የጠራ ነው። ነቀፋው የሚመጣው ቍጥሮቹ ጐን ለጐን ሲነበቡ ነው።

በትርጕም ላይ የሚሰማው የተለመደ ወቀሳ አንዱ ነገር በብዙ ስም ተጠራ የሚል ነው። በዚህም መግለጫ ያው ጥልቅ ጕድጓድ አንድ ጊዜ «ጥልቅ ጕድጓድ»፣ ሌላ ጊዜ «የመሬት ውስጥ ውኃ ጕድጓድ» ተብሏል። ይህ አንባቢን ያሰለቻል እንጂ ብዙ አይጐዳም፤ የተጠራጠረ ይጠይቃልና። በእኛ አስተያየት የሚከፋው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም ሁለት ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠራጠር ሰው አይገኝምና።

እንደሚታወቀው የግንባታ ሥራ ሲያልቅ ተቋራጩ ሥራውን ለአሠሪው በጊዜያዊ ርክክብ ያስረክባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በውሉ የተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ የታየውን ጕድለት ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያርማል፤ ከዚያም የመጨረሻ ርክክብ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የተለየ ደግሞ አሠሪው ጕድጓዱን ለቀበሌው የውኃ ኮሚቴ የሚሰጥበት ቀን አለ። የእንግሊዝኛው መግለጫ እነዚህን በየራሳቸው ስም ይለያቸዋል። አማርኛው በመጀመሪያዎቹ ቍጥሮች «ጊዜያዊ ርክክብ» ሲል ቈይቶ፣ ሁለተኛው ተርጓሚ ሲገባ ቅጽሉ ወደቀ፤ ለኮሚቴውም መስጠት «ርክክብ» ተባለ።

ውጤቱን በአንድ ጕድጓድ እንመልከት። ጊዜያዊ ርክክቡ የተፈጸመው በታኅሣሥ 12 ቀን ሲሆን፣ ለኮሚቴው የተሰጠው በግንቦት 3 ቀን ነበር። የግንቦቱ መግለጫ «የጕድጓዱ ርክክብ ተፈጽሟል» ብሎ ጻፈ። የጣቢያው ሠራተኞች የጕድለቱን ዓመት ከዚህ ቀን ቈጠሩ። በተከታዩ የካቲት ፓምፑ ሲቆም፣ ገና ሦስት ወር ያህል ይቀረናል ብለው ተቋራጩን ጠሩ፤ እሱም ውሉን አሳየ፤ ዓመቱ በታኅሣሥ አልቆ ነበር። ድምፁ አስቀድሞ መለወጡን ያዩት በኅዳር ነው፤ ነገር ግን ጊዜ አለን ብለው ሳያስታውቁ ቀሩ። የጥገናው ወጪ በአሠሪው ላይ ወደቀ።

ተርጓሚዎቹ የቃላት ዝርዝር አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ነበራቸው፤ ግን የተደረደረው በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ነው። በዚያ ተራ «ርክክብ» በሦስት የተራራቁ ገጾች ላይ ስለሚወድቅ መደጋገሙ አይታይም። ዝርዝሩ በአማርኛው ተራ ቢገለበጥ ኖሮ ሦስቱ መስመሮች ተከታትለው በቆሙ፣ ያየውም ሰው በአንድ ሰዓት ባገኘው ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ዝርዝር በሁለቱም በኩል መነበብ አለበት፤ በአማርኛው በኩል ሁለት ጊዜ የታየ ቃል ሁሉ ቅጽል ይጠይቃል። ለኮሚቴው የሚደረገውን «ለኅብረተሰቡ ማስረከብ» ማለት ይበቃ ነበር።

የቀድሞ ቍጥሮችን በኮምፒዩተር ፈልጎ ማመሳከርም በአማርኛ የራሱ ዘዴ አለው። «ርክክብ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «የርክክብ»ንና «በርክክብ»ን ያገኛል፤ «ርክክቡ»ንና «ርክክቦች»ን ግን አያገኝም፤ የመጨረሻው ፊደል ተለውጧልና። ስለዚህ የሚፈለገው «ርክክ» ብቻ ነው። «ውኃ»ም «ውሃ» ተብሎ ከተጻፈ ለዓይን አንድ ቃል ቢሆንም ለመኪናው ሁለት ነው። (ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚደረገውን የቆየ ክርክር እዚህ አንነካም፤ ዝርዝሩ አንዱን መርጦ ቢጸና ይበቃናል።)

ሦስተኛው ተርጓሚ ስሕተቱን አይቶ ቅጽሉን መልሷል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ለውጡን ሳያስታውቅ በዝምታ ስላደረገው፣ አንባቢው «ጊዜያዊ ርክክብ» የሚለውን እንደ አዲስ የሥራ ደረጃ ወሰደው። በዚያ ቍጥር ራስጌ ላይ «እስካሁን ርክክብ ያልነው እንዲህና እንዲህ ማለት ነው» የሚል አንድ መስመር ከነቀኖቹ ቢጨመር፣ የተሠራጩት የቀድሞ ቍጥሮች ሳይነኩ ሊነበቡ በቻሉ ነበር። አሁን ግን በፋይል ያሉትን የመካከለኛውን ዘመን ቍጥሮች የሚያነብ ሁሉ፣ እያንዳንዱን «ርክክብ» ከእንግሊዝኛው ጋር ሳያስተያይ ቀን ሊቈጥርባቸው አይችልም።