የአንድ በያጅ ሁለት ገጽ

የብየዳ ሥራ አመልካቾችን ወረቀት ሳገላብጥ ዓመታት አልፈዋል። ከመሳቢያዬ ያላወጣሁት ሲቪ ግን አንድ ብቻ ነው። ሁለት ገጽ ነው፤ የባለቤቱ ፎቶ የለበትም፤ «ታታሪና ተግባቢ» የሚል መግቢያም የለውም። ከስሙና ከስልኩ ቀጥሎ የሚመጣው በቀጥታ የወሰደው ፈተና ነው።

ብዙ አመልካች «ሲክስ ጂ አለኝ» ብሎ ያልፋል። ሲክስ ጂ ቧንቧው 45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ የሚታሰርበት ፈተና ነው። ቧንቧው አይዞርም፤ በያጁ ነው የሚዞረው። ከሥር አንጋጦ ይጀምራል፣ በጎን ይወጣል፣ አናቱ ላይ ደግሞ አጎንብሶ ይጨርሳል። ይህን ያለፈ ሰው በማንኛውም አቅጣጫ ቧንቧ እንዲበይድ ይፈቀድለታል። ግን በየትኛው ዘዴ? ምን ያህል ውፍረት? ምን ያህል ስፋት ያለው ቧንቧ? ሁለት ቃል ይህን አይመልስም።

የዚህ ሰው መስመር እንዲህ ይነበባል፦ ባለ 6 ኢንች የካርቦን ብረት ቧንቧ፣ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር፤ ሩቱ በአርጎን 3 ሚሊሜትር፣ ቀሪው በ7018 ኤሌክትሮድ 8 ሚሊሜትር፤ ኅዳር 2012 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 2019። የተፈተነው በአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ኮድ ክፍል 9 መሠረት ነው። በዚያ ኮድ ለእንዲህ ዓይነቱ ፈተና የሚፈቀደው ውፍረት በያጁ ካስቀመጠው እጥፍ ነው። ስለዚህ በአርጎን እስከ 6፣ በኤሌክትሮድ እስከ 16 ሚሊሜትር ማስቀመጥ ይችላል ማለት ነው። ሰውየው ይህን ለእኔ ሒሳብ አልተወውም፤ ራሱ አስልቶ ጽፎታል። ከሥሩም አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፦ «የውጭ ስፋቱ ከ73 ሚሊሜትር በታች የሆነ ቧንቧ ላይ አልተፈተንኩም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። ኮዱ እንደሚለው በ6 ኢንች ቧንቧ የተፈተነ ሰው ከ73 ሚሊሜትር በታች ላለው አይፈቀድለትም፤ ቀጭን ቧንቧ ሲሆን ክቡ ስለሚጠብ የእጅ ማዕዘን በየቅጽበቱ መቀየር አለበት። ሥራ ፈላጊ ሆኖ የማይችለውን ሳይሆን ያልተፈተነበትን ድንበር በገዛ እጁ ማስመር ከሙያው ጋር የተዋሐደ ሰው ሥራ ነው።

የሲኦሲ ደረጃ 3 ምዘናውን ከዚህ በታች አስቀምጦታል፤ ቅደም ተከተሉም ትክክል ነው። ሲኦሲ ሙያውን መማሩን ያረጋግጥልኛል፤ የትኛውን ቧንቧ ልሰጠው እንደምችል ግን አይነግረኝም።

ወደ ሥራዎቹ ስሻገር «በትላልቅ ፕሮጀክቶች ላይ ተሳትፌያለሁ» የሚል የለም። አንድ የስኳር ፋብሪካ የእንፋሎት መስመር ተጠቅሷል፤ በራጅ የታዩለት መጋጠሚያዎች 212፣ ተመልሰው የተጠገኑት 5። ከመቶ ሁለት ተኩል እንኳ አይሞላም። ይበልጥ የያዘኝ ግን ምክንያቱን መጻፉ ነው፦ አራቱ ውስጥ የቀረ ስላግ፣ አንዱ ሩቱ ሙሉ በሙሉ አለመግባቱ። አራቱ ስላግ በአንድ ሳምንት ውስጥ የተገኙ ናቸው። ኤሌክትሮድ ማድረቂያው ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ገመትኩ፤ ተሳስቻለሁ። «በዙሮች መካከል በግራይንደር ማጽዳቱን አሳጥሬ ነበር» ብሎ ጽፎታል። እርጥበት ቢሆን ኖሮ በራጁ ላይ የሚታየው የአየር ቀዳዳ ነበር፤ ስላግ የሚቀረው በአብዛኛው ባለማጽዳት ነው። ጥፋቱንም በትክክለኛ ስሙ ነው የጠራው።

አንድ ፎቶ ብቻ አያይዟል፤ እሱም የካፑ አይደለም። ካፕን ማሳመር ብዙ ሰው ይችላል። እሱ ያያያዘው ከቧንቧው ውስጥ የተነሳ የሩት ፎቶ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ወጥቶ የተኛ ቀጭን መስመር።

የደኅንነት ክፍሉ ሦስት መስመር ነው። «አደጋ አድርሼ አላውቅም» የሚል ሲቪ ስንት ሰዓት እንደተሠራ ካልነገረኝ ምንም አልነገረኝም። ይህ ግን 14 ወር፣ 3,000 ሰዓት ያህል፣ አንድ ቀላል ቃጠሎ ይላል። ኤሌክትሮድ ሲቀይር ጓንቱን አውልቆ ነበር፤ ኤሌክትሮዱ ክንዱን ነካው፤ በመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ አለፈ፤ በማግስቱ ሥራ ገባ። ቀጥሎ፦ «የእሳት ሥራ ፈቃድ ከተዘጋ በኋላ 30 ደቂቃ ቦታው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።» የብየዳ ፍንጣሪ ጨርቅ ወይም እንጨት ውስጥ ገብቶ ሳይታይ እየጨሰ ቆይቶ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚነሳውም ሠራተኛው ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ነው።

መጨረሻ ላይ የተያያዘው የሥራ መዝገቡ ግልባጭ ነው። በያጅ በአንድ ዘዴ ስድስት ወር ካልበየደ በዚያ ዘዴ ያለው ፈቃዱ ይቋረጣል። ብዙ አመልካች የሚያመጣልኝ ያማረ ሰርተፊኬት በዚህ ምክንያት የሞተ ወረቀት ነው። የእሱ መዝገብ ከኅዳር 2012 ጀምሮ አንድም ክፍተት የለበትም፤ አርጎኑና ኤሌክትሮዱ ለየብቻ ተጽፈዋል፤ ለየብቻም ተፈርሞባቸዋል። የመጨረሻው ፊርማ የተቀመጠው ሲቪው እጄ ከመግባቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር።